ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ?

አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለመለማመጃ የሚሆኑ መረጃዎች ይዞ ይመጣል። አንዱ mtcars ነው፤ ሞተር ትሬንድ የተሰኘው የአሜሪካ የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1974 ካወጣው የተወሰደ የ32 መኪኖች መረጃ። ክብደትና የሞተር ጉልበት መኪናው በአንድ ጋሎን ከሚሄደው ማይል ጋር ያላቸውን ግንኙነት ለማየት ሪግሬሽን ሲሠራ ስክሪኑ ላይ ይህ ይወጣል፦

```
            Estimate Std. Error t value Pr(>|t|)
(Intercept) 37.22727    1.59879  23.285  < 2e-16 ***
wt          -3.87783    0.63273  -6.129 1.12e-06 ***
hp          -0.03177    0.00903  -3.519  0.00145 **
```

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ ያለው ውጤት እንዳለ ተገልብጦ ይለጠፋል። ማሽኑ ግን ይህን የሚያወጣው ስሌቱን ለሚሠራው ሰው ነው። አንባቢ wt ምን እንደሆነ፣ በምን እንደተለካ አያውቅም። 1.12e-06 ማለት 0.00000112 መሆኑንም ራሱ ማስላት አይጠበቅበትም።

የመጀመሪያው ሥራ ቁጥሮቹን ማጠጋጋት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በ32 መኪኖች ላይ የተሠራ ግምት አምስት አሃዝ የሚያስጽፍ እርግጠኝነት የለውም፤ ሁለት ይበቃዋል። ለክብደት ያለችግር ይሠራል፤ −3.88፣ መደበኛ ስህተቱ 0.63። የጉልበት መስመር ላይ ሲደረስ ግን ውጤቱ −0.03 እና 0.01 ይሆናል። ሁለቱን ያካፈለ አንባቢ 3 ያገኛል፤ ትክክለኛው 3.52 ነበር። ለዚህ መስመር ብቻ አምስት አሃዝ መተው ደግሞ ዓምዱን ያዘበራርቀዋል።

መፍትሔው አሃዝ መጨመር ሳይሆን መለኪያውን መቀየር ነው። የአንድ የፈረስ ጉልበት ልዩነት ለመኪና ኢምንት ስለሆነ በ100 የፈረስ ጉልበት ማስላት ይሻላል፦

```r
m <- lm(mpg ~ wt + I(hp/100), data = mtcars)
summary(m)
confint(m)
```

አሁን ቁጥሩ −3.18፣ መደበኛ ስህተቱም 0.90 ይሆናል። የቲ እና የፒ ዋጋዎች አልተነኩም። ማባዛቱ ግን ከማጠጋጋቱ መቅደም አለበት፤ ቀድሞ −0.03 ያደረገ ሰው በ100 ሲያባዛ −3.00 ያገኛል፣ ስህተቱም እስከ ኅትመት አብሮት ይሄዳል። ኤስፒኤስኤስ የሚጠቀም ሰው ሠንጠረዡን ሁለቴ፣ ከዚያም ሕዋሱን ሁለቴ ቢጫን ያልተጠጋጋውን ቁጥር ያያል።

የፒ ዋጋ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤስፒኤስኤስ በ Sig. ዓምድ ሥር .000 ሲያሳይ ዋጋው ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ በሦስት አሃዝ ሊታይ አልቻለም ማለት ነው። የሚጻፈው < .001 ነው። የጉልበቱ 0.00145 ግን ከ0.001 ስለሚበልጥ .001 ተብሎ ይጻፋል እንጂ የ“ያንሳል” ምልክት አይገባውም። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሥርዓት እንደ ፒ ያሉ ከ1 ሊበልጡ የማይችሉ ቁጥሮች ከነጥቡ በፊት ዜሮ አይጻፍባቸውም። ዜሮውን የሚፈልጉ መጽሔቶችም ስላሉ የደራስያን መመሪያቸውን ቀድሞ ማየት ይገባል።

| | ቢ | መደበኛ ስህተት | የ95% የመተማመኛ ክልል | ፒ |
|---|---|---|---|---|
| ቋሚ | 37.23 | 1.60 | [33.96, 40.50] | < .001 |
| ክብደት | −3.88 | 0.63 | [−5.17, −2.58] | < .001 |
| የሞተር ጉልበት | −3.18 | 0.90 | [−5.02, −1.33] | .001 |

ማስታወሻ። የመኪኖች ብዛት = 32። ውጤቱ በአንድ ጋሎን የተሄደ ማይል ነው። ክብደት በ1000 ፓውንድ፣ ጉልበት በ100 የፈረስ ጉልበት ተለክተዋል። ቢ = ያልተመዘነ ኮፊሸንት። አር ስኩዌር = .83።

ማስታወሻው ከሠንጠረዡ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። መለኪያው በ100 መሆኑ እዚያ ካልተጻፈ አንድ የፈረስ ጉልበት ብቻ ሲጨመር መኪናው ከሦስት ማይል በላይ የሚያጣ ይመስላል። ኮከቦቹ የወጡበት ምክንያትም አለ። ትክክለኛው የፒ ዋጋ በዓምዱ ካለ ኮከብ ያንኑ መድገም ነው። ኮከብ የሚፈልግ መጽሔት ከሆነ የእያንዳንዱ ትርጉም በማስታወሻው መጨረሻ ይገለጻል።

ሲገለበጥ የተሳሳተ ቁጥር እንዳለ ለማወቅ ቀላል መፈተሻ አለ፦ የክልሉን ሁለት ጫፎች ደምሮ ለሁለት ማካፈል። −5.02 እና −1.33 መካከላቸው −3.175 ነው፤ ከ−3.18 ጋር ይገጥማል። የሎጂስቲክ ሪግሬሽን የዕድል ንጽጽር ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ክልሉ በሁለቱም በኩል እኩል አይደለምና። እዚያ ሁለቱን ጫፎች አባዝቶ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። ኤስፒኤስኤስ ከ1.20 እስከ 2.70 ካሳየ ብዜቱ 3.24 ስለሆነ በሠንጠረዡ መገኘት ያለበት 1.80 ነው።