አስፕሪን ላይ የከሸፉ ካርዶች

የእህቴ ልጅ የፋርማሲ ተማሪ ናት። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተናዋ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው በላስቲክ የታሰሩ ካርዶቿን ይዛ መጣችና «አጎቴ፣ እስቲ ጠይቀኝ» አለችኝ። በአንዱ ካርድ ፊት «ኤስተር ምንድን ነው?» የሚል ተጽፏል፤ በጀርባው RCOOR። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን ትለዋለች። አሥራ ሁለቱንም ካርዶች አንድ ሳትስት ጨረሰች።

ከዚያ የአስፕሪንን ሞለኪውል በወረቀት ሣልኩላት። ባለ ስድስት ማዕዘን የቤንዚን ቀለበት፣ ከአንዱ ማዕዘን COOH፣ ከጎረቤቱ ማዕዘን ደግሞ OCOCH₃። «ይሄኛው ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው» አለች፤ ልክ ነች። ሁለተኛውን ግን ለሁለት ቆረጠችውና «እዚህ ጋ ኢተር፣ እዚህ ጋ ኪቶን» አለች። ሁለቱም አይደለም፤ አንድ ኤስተር ነው።

ልጅቷ ሰንፋ አይደለም። ካርዱ ያስተማራት ካርዱን ራሱን ነው። እዚያ ላይ ኤስተር ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ COO ተብሎ ይጻፋል፤ አስፕሪን ላይ ግን ኦክስጅኑ ቀድሞ መጣና ዓይኗ አላወቀውም።

ፋንክሽናል ግሩፕ የሚባለው በሞለኪውሉ ውስጥ ጠባዩን የሚወስነው ጥቂት አቶሞች የተያያዙበት ክፍል ነው። ጉዳዩ የአቶሞቹ ዓይነትና ብዛት ብቻ ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ነው። CH₃CH₂OH እና CH₃OCH₃ በትክክል አንድ ዓይነት አቶሞች አሏቸው። የመጀመሪያው አልኮል ነው፤ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ሁለተኛው ኢተር ስለሆነ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ገደማ ላይ ፈልቶ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ካርዱ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ አያያዝ ነው።

ካርዶቹን እያራራቁ መከለስ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኢቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ራሱ እያጠና ምን ያህሉን በምን ያህል ጊዜ እንደሚረሳ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። በ1970ዎቹ ደግሞ ሴባስቲያን ላይትነር ነገሩን በክፍል የተከፋፈለ ሣጥን አደረገው። ለእህቴ ልጅም የጫማ ካርቶን በአምስት ከፈልንላት። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይከለሳል፤ ቀጣዮቹ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ቀን። የተመለሰ ካርድ አንድ ክፍል ወደፊት ይሄዳል፤ የተሳተ ካርድ ግን አምስተኛው ክፍል ደርሶ ቢሆን እንኳ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በስልክ ለሚያጠና ሰው Anki የተባለው ፕሮግራም ቀኑን ራሱ ያሰላል። አዲስ ካርድ በቀን አምስት ብቻ አልን፤ ዛሬ የገባ ካርድ ነገም ከነገ ወዲያም ክለሳ ሆኖ ስለሚመጣ።

ሣጥኑ ግን መጥፎ ካርድን አያድንም። «ኤስተር ምንድን ነው?» የሚለውን ተመልከቱ። አንዱ በፎርሙላ ይመልሳል፤ ሌላው «ከአሲድና ከአልኮል የሚሠራ» ይላል፤ ሦስተኛው ስለ ፍራፍሬ ሽታ ያወራል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ተማሪዋ ራሷን በምን ትመዝናለች? ጥሩ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ያለው ነው። ይህን ካርድ ቀደድነውና በምትኩ ሦስት ጻፍን።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «በኤስተር ውስጥ ከካርቦኒሉ ካርቦን ጋር በነጠላ ቦንድ የተያያዘው ኦክስጅን በሌላ ጎኑ ማንን ይይዛል?» ካርቦኒል ማለት ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት C=O ነው። መልሱ «ካርቦን» ብቻ። ሃይድሮጅን ቢይዝ ካርቦክሲሊክ አሲድ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ካርድ ፊት ላይ CH₃COOCH₂CH₃ እና CH₃CH₂OCOCH₃ ጎን ለጎን ተጽፈው «አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?» ይላል። አንድ ናቸው፤ ያው ኤስተር ከግራና ከቀኝ ሲነበብ ነው። አስፕሪን ላይ የጣላት ይህ ነበርና ካርዱ የተጻፈው ለእሱ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ ነው፦ «CH₃COCH₂OCH₃ ኤስተር ነው?» አይደለም። በካርቦኒሉና በነጠላ ቦንዱ ኦክስጅን መካከል CH₂ ገብቷል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ በእርግጥ ኪቶንና ኢተር አሉ። ያን ቀን የሰጠችኝ መልስ ለዚህ ሞለኪውል ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ዓይነቱን ካርድ ነው፤ የሚምታቱትን ሁለቱን ፊት ለፊት ያቆማልና።

ከእነዚህ ካርዶች አንድ የአነባበብ ልማድ ይወጣል። መጀመሪያ C=O ፈልጊ፤ ቀጥሎ ካርቦኑ ከማን ጋር እንደተያያዘ እይ። ናይትሮጅን ከሆነ አማይድ፤ OH ከሆነ ካርቦክሲሊክ አሲድ፤ ከኦክስጅኑ በኋላ ካርቦን ካለ ኤስተር ነው። ኦክስጅንም ናይትሮጅንም ከሌለ ብቻ ሃይድሮጅንን እይ፤ ካለ አልዲሃይድ፣ በሁለቱም ጎን ካርቦን ከሆነ ኪቶን። ቅደም ተከተሉ ለጌጥ አይደለም። በHCOOCH₃ ካርቦኒሉ ላይ ሃይድሮጅን አለ፤ ሃይድሮጅኑን ቀድሞ ያየ ሰው አልዲሃይድ ይለዋል፤ ሞለኪውሉ ግን ኤስተር ነው።

የመልሱ ገጽ አጭር ይሁን፦ ስሙ፣ ከሥሩም በትንሹ የተጻፈ አንድ የምክንያት ዓረፍተ ነገር። ልክ ነው ስህተት የሚባለው ስሙ ብቻ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ቢጻፍ ችግር የለውም፤ ስሙ ግን ፈተናው ላይ በሚመጣበት በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ይሁን። ኤስተርና ኢተር ለጆሮ ተቀራራቢ ናቸው፤ ካርድ ላይ ፊደላቸው ካልታየ ይምታታሉ። «አማይድ ሥሪ» የሚል ካርድ ሲመጣ ደግሞ ከመገልበጥ በፊት እርሳስ አንስቶ መሣል ነው። በሐሳብ ብቻ የተሣለ ሞለኪውል ምንጊዜም ትክክል ይመስላል።

ካርዱ መበላሸቱ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ተማሪዋ ሳታነብ ስትመልስ ነው፤ የታጠፈውን ጥግ ወይም የቡናውን ጠብታ ለይታዋለች ማለት ነው። ያኔ ሞለኪውሉን አዙሮ በሌላ ካርድ እንደገና መሣል ይሻላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ክፍል አልወጣ የሚል ካርድ ነው። Anki ደጋግሞ የተሳተን ካርድ Leech ይለዋል፤ አልቅት ማለት ነው። ካልተቀየረ በስምንተኛው ስህተት ይህን ምልክት ያደርግበታል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ካርድ ወይ ሁለት ጥያቄ በአንድ ይዟል፣ ወይ የሚምታታበት ጓደኛ አለው። ደጋግሞ ከመሸምደድ መክፈል ነው።

ካርድ የማይሠራው ሥራም አለ። የቆየ አስፕሪን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው እርጥበት ኤስተሩን ሰብሮ አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣው ነው። ያ አሰባበር ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚካሄድ በወረቀት ላይ ቀስት እየሣሉ የሚማሩት ነገር ነው፤ ካርዱ የሚያደርሰው ኤስተሩን እስከ መለየት ድረስ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፓራሲታሞልን ሣልኩላት፦ ያው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት፣ ከአንዱ ጫፍ OH፣ ከተቃራኒው NHCOCH₃። ጣቷን C=O ላይ አሳረፈች። «ጎረቤቱ ናይትሮጅን ነው… አማይድ!»

«OHስ?»

«አልኮል።»

ቀለበቱ ላይ በቀጥታ ስለተያያዘ ፊኖል ነው የሚባለው። ለእሱ ገና ካርድ አልጻፍንለትም ነበር።