ሙዚቃን በእግር መስማት፣ ክራርን በአንድ እጅ

በቡሄ ሰሞን እብናት ወይም ደብረ ታቦር ላይ «ሆያ ሆዬ» የሚሉ ልጆች መሬቱን በዱላ ሲመቱ አጠገባቸው ቆመው ከሆነ ምቱ ለጆሮዎ ብቻ ሳይሆን ለእግርዎም ደርሷል። የመስማት ችግር ላለበት ልጅ ሙዚቃን ለማስተማር መነሻው ይኸው ነው።

በዚህ መንገድ ዓለም ያወቃት ስኮትላንዳዊቷ የምት መሣሪያ ተጫዋች ኤቭሊን ግሌኒ ናት። 12 ዓመት ሲሆናት የመስማት ችሎታዋ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። መምህሯ ትልልቅ ከበሮዎችን ሲመታ እጆቿን በክፍሉ ግድግዳ ላይ እያሳረፈች ንዝረቱን መለየት ተማረች። ወፍራሙ ድምፅ እግሯ ላይ፣ ቀጭኑ ፊቷና አንገቷ ላይ እንደሚሰማት ትናገራለች።

አሁን እብናት ውስጥ አንድ የሙዚቃ ክፍል እናስብ። ከተማሪዎቹ አንዷ ማዳመጫ መሣሪያ ታደርጋለች፤ ሌላው ልጅ ደግሞ የግራ እጁን ጣቶች ማንቀሳቀስ አይችልም። ለሁለቱ ምን ይደረግላቸዋል?

ለልጅቷ፦ ወለሉ

ሲሚንቶም ሆነ የአፈር ወለል የከበሮን ምት ውጦ ያስቀራል። ከሥሩ ባዶ የሆነ ጣውላ ግን ያስተላልፋል። ስለዚህ አንድ አሮጌ የእንጨት በር ይፈለግና አራቱ ማዕዘኖቹ በእንጨት ቁራጮች ላይ ከመሬት ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ከበሮው ምንጣፍም ጨርቅም ሳይነጠፍለት ጣውላው ላይ ያርፋል። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን እዚያው ጣውላ ላይ ታሳርፋለች።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በብዛት ይፈጠራል። ልጅቷ በትክክል ስታጨበጭብ መምህሩ ምቱ የተሰማት ይመስለዋል፤ እሷ ግን የጎረቤቷን እጅ እያየች ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቁም። መምህሩ ምቱን ድንገት ያፍጥን፤ ከዚያ ያቁም። አብራ ከፈጠነችና አብራ ካቆመች ተሰምቷታል። ካልሆነ መዳፏን በከበሮው አካል ላይ አድርጋ እንደገና ትሞክር።

ንዝረት ሁሉን አያደርስም። ሰውነታችን በንክኪ የሚለየው በተለይ ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ የዋሽንት ቀጭን ድምፅ በእግር አይያዝም። ስለዚህ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ መምህሩ እጁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ያሳያት። ሲያስተምርም መስኮቱን ከጀርባው አያድርግ፤ ፊቱ ከጨለመባት ከንፈሩን ማንበብ አትችልም።

ማዳመጫው በዋናነት የሚሠራው ለንግግር ነው። ከበሮ በቅርብ ሲመታ ድምፁን ሊያዛባው ስለሚችል ከበሮው የጣውላው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ንዝረቱ እንደሆነ በጣውላው ይደርሳታል። መሣሪያውን የሚያስተካክለውን ባለሙያ ለሙዚቃ የተለየ ማስተካከያ እንዳለው ይጠይቁት። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ማዳመጫው ዝናቡንም አብሮ ያጎላዋል። የዚያን ቀን ዜማውን ትቶ በጣውላው ላይ ምት መለማመድ ይበጃል።

ለልጁ፦ ክራሩ

ዋሽንት ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑ ጣቶች ይፈልጋል። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር በመሆኑ ዜማው የሚወጣው ክሩን በሚነኩት የግራ እጅ ጣቶች ነው። ክራር ግን ከሁለቱም ይለያል፤ እያንዳንዱ ክር የራሱን አንድ ድምፅ ይሰጣል። ክሩን መንካት ብቻ ይበቃል፤ ሌላ እጅ መጫን የለበትም።

ችግሩ ክራር በመምቻ ሲገረፍ ነው። ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ድምፃቸውን ያፍናሉ። ልጁ ይህን ስለማይችል መግረፉን ይተወውና ክራሩ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞለት ክሮቹን አንድ በአንድ በቀኝ እጁ ይንካ። እንዳይንሸራተት ከሥሩ የከመነዳሪ ቁራጭ ይደረግለታል፤ ሆኖም ጠርዙን ብቻ ይደግፍ፤ ሆዱን ከሸፈነው ድምፁ ይታፈናል። ክራሩን አስቀድሞ መምህሩ ይቃኝለት፤ በአንድ እጅ ክር ማጥበቅ አስቸጋሪ ነው።

በዚህ አያያዝ ፈጣን ዘፈን አይመጣለትም። ስለዚህ በአምስት ድምፆች የሚሠራ ዝግ ያለ ዜማ፣ ለምሳሌ በትዝታ ቅኝት፣ ይመረጥለት።

ቀኝ እጁም የሚደክም ልጅ ከሆነ የመምቻው መያዣ በስፖንጅ ይወፍር፤ ሰፋ ባለ ጨርቅም ከመዳፉ ጋር ይታሰር። ሲፈታ ቆዳው ላይ የቀረው ቀይ ምልክት ቶሎ ካልጠፋ እስሩ ጠብቋል ማለት ነው። ምቱ መዘግየት ሲጀምር ወይም ትከሻው ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ ደክሟል፤ ልጁ «አልደከመኝም» ቢልም እጁ ይረፍ።

አብረው ሲጫወቱ

ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ነው። ልጅቷ ከበሮውን ጣውላው ላይ ይዛ ምቱን ትጀምራለች፤ ልጁ በእሷ ምት ክሩን ይነካል፤ የቀረው ክፍል ያጨበጭባል። እሷ ምቱን የምትይዘው ሌላውን ተከትላ ሳይሆን ራሷ ስለሆነች ማንም ዘገየች አይላትም። እሱም በአንድ እጁ የሚያወጣው ዜማ ለክፍሉ መዝሙር ይሆናል።

ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሙዚቃ ክፍሉን ለማየት ይጠይቁ። ከበሮው የቆመው ምን ላይ ነው? መምህሩ ሲያስተምር ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል? ክራሩንስ ጠረጴዛ ላይ ማጋደም ይፈቀዳል? መልሱ «አስበንበት አናውቅም» ከሆነም፣ አሮጌውን በር ይዞ መምጣት ከወላጅ አቅም በላይ አይደለም።