ቡሬ ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

በቢሾፍቱ፣ በሰበታና በሱሉልታ ዙሪያ ሁለት ሦስት የተዳቀሉ ላሞች ይዞ ወተት የሚሸጥ ቤተሰብ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲወደድበት አንዷን ለመቀነስ ይገደዳል። የትኛዋ ትውጣ ሲባል ሁሉም የሚያየው ባልዲውን ነው። ብዙ የምትታለበው ትቆያለች፤ ትንሽ የምትሰጠው ገበያ ትወጣለች። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ስህተቱን የሚያሳየው ደግሞ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ የተጻፉ ጥቂት ቀኖች ናቸው።

ሁለት ላሞችን በምሳሌ እንውሰድ። ቡሬ በወለደች በሁለተኛው ወር በቀን 18 ሊትር ትታለባለች፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። ዳለቻ ከ13 ሊትር አልፋ አታውቅም። በወሬ ከሆነ ዳለቻ ተሸጣለች። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። ቡሬ ከወለደችበት ቀን አንስቶ እስክትነጥፍ 3,300 ሊትር ሰጥታለች፤ እንደገና የወለደችው ግን ከ520 ቀን በኋላ ነው። ዳለቻ የሰጠችው 2,800 ሊትር ሲሆን በ385 ቀን ተመልሳ ወልዳለች። ላም ነጥፋም ትበላለች። ስለዚህ ወተቱን በታለበችበት ቀን ብቻ ሳይሆን ከወሊድ እስከ ወሊድ ባለው ቀን ሁሉ ማካፈል ተገቢ ነው። እንዲህ ስናደርግ ቡሬ በቀን 6.3፣ ዳለቻ 7.3 ሊትር ይደርሳቸዋል። በባልዲ የተናቀችው ላም በዓመት ወደ 340 ሊትር ገደማ ትበልጣለች፤ ጥጃዋም ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

ለዚህ ስሌት በየቀኑ ወተት መስፈር ግድ አይደለም። በወር አንድ ቀን ተመርጦ የማታውና የማግስቱ የጠዋት ወተት በአንድ ዓይነት መስፈሪያ፣ አረፋው ከወረደ በኋላ ይለካል፤ ድምሩ በ30 ይባዛል። የየወሩ ሲደመር ከእውነተኛው ብዙም አይርቅም። ጥጃው የሚጠባ ከሆነ ግን ያንን አጠገቡ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እናቲቱ ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች።

እንግዲህ ቡሬ ትሸጥ? እዚህ ላይ ቸኩሎ መወሰን ሌላ ስህተት ነው። መጀመሪያ ለምን እንደዘገየች የማዳቀያውን ቀን እንጠይቅ። ቡሬ የወለደችው ኅዳር 3 ቀን 2015 ነው። ጥር 15 ተዳቀለች፤ አልያዘችም። ከዚያ የካቲት 27፣ ሚያዝያ 30፣ በመጨረሻም ሐምሌ 3 ተዳቅላ ያዘች። በመካከላቸው ያለውን ስንቆጥር 42፣ 63 እና 63 ቀን እናገኛለን። ያልያዘች ላም ኮርማ የምትፈልገው በ21 ቀን አካባቢ ነው። 42 ሁለት ጊዜ 21፣ 63 ደግሞ ሦስት ጊዜ 21 ነው። እንግዲያው ቡሬ በመካከሉ አምስት ጊዜ ያህል ሳትደራ አልቀረችም፤ ማንም አላየላትም። አምስት ጊዜ 21 ማለት 105 ቀን ነው። ያ ባይባክን በ520 ሳይሆን በ415 ቀን ትወልድ ነበር። ጉድለቱ ከላሟ ይልቅ ወደ ጠባቂው ያመለክታል።

ክፍተቶቹ ሁሉ 21፣ 21 ቢሆኑ ነገሩ ይለይ ነበር። ያኔ ድራቷ ታይቷል፣ ግን አልያዘችም ማለት ስለሆነ የማዳቀያው ሰዓት ወይም የላሟ ጤና ይመረመራል። ጠዋት የደራች ላም ማታ፣ ማታ የደራች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች የሚባለው ለዚህ ነው። 35 ወይም 50 የመሰለ ከ21 ጋር የማይገጥም ክፍተት ከተደጋገመ ደግሞ ፅንስ እየጠፋ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያስፈልጋል። ሦስቱም ችግሮች በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ «ላሟ አልያዘችም» ብቻ ነው የሚባለው። የሚለያቸው የተጻፈው ቀን ነው።

ስለዚህ መዳቀሏ ብቻ ሳይሆን መድራቷም ይጻፍ። በበዓል ወይም በእሑድ ደርታ አዳቃዩ ባይገኝ «ደርታ ነበር፣ አዳቃይ አልመጣም» ተብሎ ይመዝገብ። ከ21 ቀን በኋላ ያለው ቀን ከወዲሁ ይከበብ። ያን ሰሞን ንጋት ላይና ሲመሽ፣ መኖ በማይሰጥበትና በማይታለብበት ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከብቶቹን ፈቶ ማየት ነው። ሌላዋ ስትወጣባት ዝም ብላ የምትቆመው እሷ ደርታለች። ቀኑን ሙሉ ታስራ የምትውል ላም ይህን የምታሳይበት ቦታ የላትም። የኮርማው ቁጥርም አይዘለል፤ ከዓመታት በኋላ ሴት ልጇ በገዛ አባቷ ዘር እንዳትዳቀል የሚጠብቃት ያ ቁጥር ብቻ ነው።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ገደማ ነው፤ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይሆናል። ጥቅምት 5 የተዳቀለች ሐምሌ 15 አካባቢ ትጠበቃለች። በመካከሉ ጳጉሜ ካለች አምስት ወይም ስድስት ቀን ይቀነሳል፤ ጥር 20 የተዳቀለችው ጥቅምት 25 ትደርሳለች። ከዚህ ቀን ሁለት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር ወተቷ የሚቆምበት ጊዜ ይገኛል። ይህ የማይታወቅበት ቤት ላሟን እስከ መውለጃዋ ያልባታል፤ ግቷ ሳያርፍ ትወልድና በሚቀጥለው ዙር ወተቷ ይቀንሳል።

የሕክምናው ገጽ ደግሞ ስለ ዳለቻ የሚነግረን አለ። ኅዳር፣ ጥር እና መጋቢት ላይ በግት በሽታ ታክማለች፤ ሦስቱም ጊዜ «የኋላ ግራ ጡት» ተብሎ ተጽፏል። የታመመው በየጊዜው ሌላ ጡት ቢሆን ኖሮ የበረቱ ጭቃና የአላቢው እጅ ይጠረጠሩ ነበር። አንድ ጡት ሲደጋግመው ግን በሽታው እዚያው ሥር ሰዷል፤ ያንኑ መርፌ ለአራተኛ ጊዜ ከመውጋት፣ ስትነጥፍ ጡቱ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ስለመስጠት ሐኪሙን ማማከር ይሻላል። የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና ወተቷ መሸጥ የሚጀምርበት ቀን አብረው ይጻፉ። የመጨረሻው ቀን በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ አለ፤ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። በዚያ መሃል የታለበው ለሰው አይሰጥም፤ ለዳለቻ ከላይ ከቆጠርንላት ወተትም ይቀነሳል።

ክብደት ለጥጆችና ለጊደሮች ነው የሚያስፈልገው። ደረትን ከፊት እግር ጀርባ ዞሮ የሚለካ የክብደት ሜትር በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመኖና ከውኃ በፊት ይበቃል። ጊደር የምትዳቀለው በዕድሜዋ ሳይሆን የትልቅ ላም ክብደት ስድስት አሥረኛ ስትደርስ ነው፤ እናቲቱ 430 ኪሎ ከሆነች ልጅቱ ወደ 260 ኪሎ ትጠበቃለች። ሁለት ወር ተከታትሎ ያልጨመረች ጥጃ ካለች ወይ መኖ አንሷታል፣ ወይ ትል አለባት።

ደብተሩ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ከሆነ አይጻፍበትም። ከእርሳስ ጋር በረቱ በር ላይ ይንጠልጠል፤ ለእያንዳንዷ ላም አንድ ገጽ ይሰጣት፤ የሚጽፈውም የሚያልበው ሰው ይሁን። ቅዳሜ ላይ የሳምንቱን አስታውሶ መጻፍ አይረዳም፤ ሁለት ቀን ሲሳት 21ዱ 19 ወይም 23 ይሆናል።

በእኔ ፍርድ ቡሬ ትቆይ፤ የሚቀጥለው ዙር በደንብ ትጠበቅ። በአንድ ዙር ወተት ላም አይሸጥም፣ በተለይ የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ከሆነች። እየታየችም፣ በሰዓቱ እየተዳቀለችም ሁለተኛው ዙር 500 ቀን ካለፈ ያኔ ትሸጥ። እናንተም የወተት ላም ልትገዙ ስትወጡ የባልዲውን ወሬ ከመስማታችሁ በፊት ባለቤቱን የመጨረሻዎቹን ሁለት ወሊዶች ቀን ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ ዋጋውን በዚያው ልክ ቀንሱ።