ሽሮው ቅቤ አለው ለሚል ደንበኛ የሚጻፍ መልስ

አንድ ምግብ ቤት በጉግል ማፕስ ወይም በትሪፕአድቫይዘር ላይ ሲወቀስ፣ ባለቤቱ የሚሰጠው መልስ ከወቀሳው ሥር ተለጥፎ ይቀመጣል። መልሱ ለወቃሹ የተጻፈ ቢመስልም በብዛት የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ቅዳሜ እንግዳ ሊጋብዝ ያሰበ ወይም ቤቱን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ስልኩን ከፍቶ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየቶችን ይፈልጋል፤ ከዚያ ባለቤቱ ምን እንዳለ ያያል። ወቃሹ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የመልሱ ሚዛን ይህ ሦስተኛ ሰው ነው።

ባለቤቱ አስተያየቱን በራሱ ሥልጣን ማጥፋት አይችልም። በእጁ ያለው መልስ መስጠት፣ አለዚያም አስተያየቱ የድረ ገጹን ደንብ የጣሰ ከሆነ ማመልከት ነው። በጉግል ላይ ለመመለስ ደግሞ አስቀድሞ ድርጅቱ የእሱ መሆኑን ማስመዝገብና ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የምግብ ቤቱን ገጽ መጀመሪያ የሚከፍተው አላፊ አግዳሚ ደንበኛ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ስለ ቤቱ የተጻፈውን ከሰው የሚሰማበት አጋጣሚ አለ። ለአንድ አስተያየት የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ በኋላ ግን ማረም ይቻላል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ላይ እንዲህ ተጻፈ እንበል፦ «ረቡዕ የጾም በያይነቱ አዝዤ ሽሮው ቅቤ አለው። ለአስተናጋጇ ብነግራት ‹ሁሌም እንዲህ ነው› ብላኝ ሄደች። አታላዮች! እንዳትሄዱ።» ከአንድ ኮከብ ጋር። ምግቡ ቀዘቀዘ ወይም ዘገየ ከሚል ወቀሳ ይህ ይከብዳል። ለጾመኛ ጾሙን ማስፈታት ነው፤ የሚያነበው ሌላ ጾመኛም ነገሩን በራሱ ላይ እንደደረሰ አድርጎ ያየዋል።

ባለቤቱ ተናዶ ወዲያው ቢጽፍ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «ይህን ሁሉ ዓመት የጾም ምግብ ስናቀርብ ማንም እንዲህ ብሎን አያውቅም። ቅቤና ዘይት የማይለዩ ሰዎች ናቸው ስም የሚያጠፉት። ደግሞ ሁለት ቢራ ጠጥተው ነው ረብሻ የጀመሩት።» በዚህ መልስ ውስጥ ስለ ሽሮው የተባለ ነገር የለም። ደንበኛው ተሰደበ፣ የጠጣው ለሕዝብ ተነገረ፣ ሦስተኛው ሰው ደግሞ እዚህ ቤት ቅሬታ ያቀረበ ምን እንደሚጠብቀው አወቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የነበረ ኤሚስ ቤኪንግ ካምፓኒ የሚባል ምግብ ቤት በቴሌቪዥን ከቀረበ በኋላ በፌስቡክ ገጹ ላይ ተቺዎችን የሚዘልፉ ጽሑፎች ወጡ። ባለቤቶቹ ገጻችን ተጠልፎ ነው ቢሉም፣ ቤቱ ከምግቡ ይልቅ በነዚያ ጽሑፎች ታወቀ።

ከመልሱ በፊት ማጣራት ይቀድማል። የረቡዕ ምሳ ደረሰኞች ይወጣሉ፤ አስተናጋጇ ትጠየቃለች። ዋናው ምርመራ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በጾም ቀንም የፍስክ የሚበላ ደንበኛ ስላለ፣ ቦዘና ሽሮና የጾም ሽሮ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቅቤ ሆን ተብሎ ባይጨመርም በአንድ ጭልፋ ወይም በደንብ ባልታጠበ ድስት መሻገር ይችላል፤ በምሳ ግርግር ደግሞ ይህ የሚጠበቅ ነው። ባለቤቱ «እኛ ቤት አይደረግም» ከማለቱ በፊት ጭልፋው ስንት እንደሆነ መቁጠር አለበት። ይህ ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅም፤ ንዴትም እስከዚያ ይበርዳል።

ማጣራቱ ስህተቱን ካረጋገጠ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የጾም በያይነቱ አዘው ቅቤ ያለው ሽሮ ስላቀረብንልዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ወጥ ቤታችንን አጣርተን የቦዘና ሽሮው ጭልፋ ወደ ጾሙ ድስት መግባቱን ደርሰንበታል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ የጾም ምግብ የራሱ ድስትና ጭልፋ ተለይቶለታል። ቅሬታዎም ወዲያው ለኃላፊው መነገር ነበረበት። ቢደውሉልን የምሳ ፈረቃ ኃላፊው ሊያነጋግርዎ ዝግጁ ነው።»

መልሱ «አታላዮች» የሚለውን ቃል አላነሳም። ስድብን መመለስ ስድቡን ሁለት ጊዜ ማስነበብ ነው። የአስተናጋጇ ስም የለም፤ እሷን ለሕዝብ አሳልፎ መስጠት ቤቱን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም። ይቅርታውም «ቅር ብሎዎት ከሆነ» አይልም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ጥፋቱን ከሽሮው ላይ አንስቶ ወደ ደንበኛው ስሜት ያዞራል፣ አንባቢም ወዲያው ያውቀዋል። ሦስተኛውን ሰው የሚያሳምነው ግን ከይቅርታውም በላይ የድስቱና የጭልፋው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሄዶ ሊጠይቅ የሚችለው የሚጨበጥ ነገር ነው። በዚያው ልክ ድስቱ ሳይለይ ተለይቷል ብሎ የጻፈ ቤት በሚቀጥለው ረቡዕ ይጋለጣል።

ማጣራቱ ምንም ካላሳየስ? ደንበኛውን ውሸታም ማለትም ያልተረጋገጠ ጥፋት ማመንም አያስፈልግም። «የጾም ምግብ የሚሠራው በተለየ ድስት ነው፤ የዕለቱን አሠራር አይተን ቅቤ የገባበትን መንገድ አላገኘንም። የቀመሱት እርስዎ ነዎትና ሰዓቱን ቢነግሩን እንደገና እናጣራለን» ማለት በቂ ነው። ምግቡ አሳመመኝ የሚል ወቀሳ ሲመጣ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መልሱ አጭር ሆኖ ዝርዝሩ በስልክ ቢያልቅ ይሻላል።

ሰውየው ከናካቴው ደንበኛ ያልነበረበት ጊዜም አለ። በጉግል ደንብ የሐሰት አስተያየት፣ ዛቻና የጥላቻ ንግግር የተከለከሉ ስለሆኑ ባለቤቱ ማመልከት ይችላል። ያልተስማማበት አስተያየት ሁሉ ግን ደንብ ጣሽ አይደለም፤ «ሽሮው አይጥምም» የሚል ሰው አስተያየቱን ገለጸ እንጂ ደንብ አልጣሰም። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ «በዚህ ዕለት የተባለውን ትዕዛዝ በመዝገባችን አላገኘንም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቦታውን ይይዛል። አስተያየቱን ካጠፋህ ምሳ በነጻ ብሎ መደራደር ደግሞ በራሱ በጉግል የተከለከለ ነው፤ ደንበኛው መልእክቱን ፎቶ አንስቶ ከለጠፈው ሁለተኛው ወቀሳ ከመጀመሪያው ይብሳል።

መመለስ ምን ያህል ይረዳል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በትሪፕአድቫይዘር ላይ በሆቴሎች የተደረገ ጥናት አለ። መመለስ የጀመሩ ሆቴሎች አማካይ ነጥባቸው ከአምስቱ ላይ በ0.12 ከፍ ብሏል፤ የሚጻፍላቸው አስተያየትም በ12 በመቶ ጨምሯል። ጭማሪው ትንሽ ነው። ይበልጥ የሚገርመው የአሉታዊዎቹ አስተያየቶች ለውጥ ነው፤ ቁጥራቸው ሲያንስ ርዝመታቸው ጨመረ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ባለቤቱ እንደሚመልስ ያወቀ ሰው በሁለት ቃል ዘልፎ ለመሄድ ይከብደዋል፤ የሚጽፍ ከሆነ ምክንያቱን ያስረዳል።

ወቃሹ መልሱን አይቶ እንደገና በቁጣ ቢጽፍ ክርክሩን መቀጠል አይገባም። አዲስ ያነሳው እውነተኛ ነገር ካለ የመጀመሪያውን መልስ አርሞ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል፤ ከሌለ የተጻፈው ባለበት ይቆያል።