ስድስቱ ፓምፖችና ሠላሳው ደቂቃ

«የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦትን በማሳደግና የንጽሕና ግንዛቤን በማጎልበት የማኅበረሰቡን ጤና ማሻሻል።»

ይህን የሚመስል ዓረፍተ ነገር በገጠር የውሃ ፕሮጀክት ሰነዶች ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤያለሁ። የሚቃወመው ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ዓረፍተ ነገር መልስ አያገኝም። አቅርቦቱ ከስንት ወደ ስንት አደገ? ለየትኞቹ ቤተሰቦች? ጤናቸው የተሻሻለው በውሃው ነው ወይስ በዚያው ዓመት በተከፈተው ጤና ኬላ? ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ መስመር ታጭቀዋል፤ አንዱ ተሳክቶ ሌላው ቢቀር ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ፕሮጀክቶቹን የሚገመግምበትን መንገድ ሲያስጠና ከታዩት ድክመቶች አንዱ ዕቅዶቹ በጣም ደብዛዛ መሆናቸው ነበር። ፕሮጀክቱ ቢሳካ ምን እንደሚታይ አስቀድሞ ስላልተጻፈ፣ ግምገማው ወደ ክርክር ይለወጥ ነበር። ሎጂካል ፍሬምወርክ የሚባለው ሠንጠረዥ የተወለደው ከዚያ ጥናት ነው። ዛሬ የውጤት ማዕቀፍ የምንለውም የእሱ ዘመድ ነው።

በእኛ ቋንቋ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። «ውጤት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል፤ ፕሮጀክቱ ሠርቶ የሚያስረክበውንም፣ ከዚያ በኋላ በሰዎች ኑሮ ላይ የሚታየውንም ለውጥ። በቢሮዎች «አውትፑት» እና «አውትካም» የሚባሉት ቃላት እንዳሉ የተወሰዱት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። እኔም እዚህ እንደዚያው እጠቀምባቸዋለሁ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ የግሡን ባለቤት መጠየቅ ነው። ድርጊቱን የሚፈጽመው ፕሮጀክቱ ከሆነ፣ ማለትም በገንዘቡና በሠራተኞቹ ሊጨርሰው የሚችል ከሆነ፣ አውትፑት ነው። ድርጊቱን የሚፈጽሙት ሰዎቹ ከሆኑና ፕሮጀክቱ ሊያዛቸው የማይችል ከሆነ አውትካም ነው። ፓምፕ የሚተክለው ፕሮጀክቱ ነው፤ ከዚያ ፓምፕ በየቀኑ የምትቀዳው ወይም ትታው ወደ ወንዝ የምትወርደው እናት ናት።

እስቲ ለምሳሌ አንድ ቀበሌ እንፍጠርና ሥራውን ከመጀመሪያው እንሂድበት። 360 ቤተሰቦች፣ በአማካይ አምስት አምስት ሰው፣ በጠቅላላው 1,800 ነዋሪዎች አሉት። አፍሪዴቭ የሚባለው የተለመደ የእጅ ፓምፕ ለ300 ሰው ያህል ስለሚታሰብ ፕሮጀክቱ ስድስት ፓምፖች ሊተክል አቅዷል።

አውትፑቱን አብዛኛው ሰው «ስድስት የእጅ ፓምፖችን መትከል» ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ገና ተግባር ነው። ተከላው ሲያልቅ በእጃችን የሚገባውን እንደ ተፈጸመ ነገር ብንጽፈው ይሻላል፦ «በቀበሌው ስድስት የእጅ ፓምፖች ተተክለው፣ ውሃቸው ተመርምሮ፣ ለሠለጠኑ የውሃ ኮሚቴዎች ተረክበዋል።» አሁን ምን እንደምንቆጥር ግልጽ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ካልተገጠመለት አይቆጠርም። ተገጥሞ ውሃው ካልተመረመረም አይቆጠርም። አመልካቹ «የመረካከቢያ ሰነድና የውሃ ምርመራ ውጤት ያላቸው ፓምፖች ቁጥር» ይሆናል፤ ማረጋገጫው በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ያለው ፋይል ነው። አውትፑት ይህን ያህል ቀላል መሆን አለበት።

ከባዱ አውትካሙ ነው። «የቀበሌው ቤተሰቦች ከተጠበቀ የውሃ ምንጭ፣ ደርሶ መልሱ ከሠላሳ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ በበጋም ጭምር ውሃ ይቀዳሉ» ብለን እንጻፈው። ሠላሳ ደቂቃውን እኔ አላመጣሁትም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል አንድ ቤተሰብ መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት አለው የሚባለው፣ ከተሻሻለ ምንጭ ቀድቶ ለመመለስ ወረፋን ጨምሮ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ካልፈጀበት ነው።

ከዚያ አመልካቹ ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ «የቤተሰቦች የውሃ ተደራሽነት ወደ 75 በመቶ መጨመር» ብሎ ይጽፋል። አመልካች ግን መለኪያ ነው። እንደ ሜትር መስፈሪያ ወደ ላይም ወደ ታችም አያደላም፤ መድረስ የምንፈልገውን ቁጥርም በውስጡ አይይዝም። ዒላማው በሠንጠረዡ ውስጥ የራሱ ዓምድ አለው። ስለዚህ «ወረፋን ጨምሮ በሠላሳ ደቂቃ ደርሶ መልስ ከተጠበቀ ምንጭ ውሃ የሚቀዱ ቤተሰቦች በመቶኛ» ብለን እናቆማለን። መቶኛ በጻፍን ቁጥር ደግሞ ከላይና ከታች ያለውን ቁጥር መናገር አለብን፤ ከታች የቀበሌው ቤተሰቦች በሙሉ፣ ከላይ መስፈርቱን የሚያሟሉት። ይህ ካልተጻፈ አንዱ መረጃ ሰብሳቢ ከቀበሌው ነዋሪ ያሰላል፤ ሌላው ከፓምፑ ተጠቃሚዎች ብቻ ያሰላል። ሁለቱም ሐቀኞች ሆነው የተለያየ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ።

የአመልካች ትርጉም ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ከራሳችን አገር ታሪክ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውሃ መስፈርት በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው ሁለተኛው ዕቅድ ወደ 1 ኪሎ ሜትርና 25 ሊትር ከፍ አለ። ከፓምፕ 1.3 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር ሴት ዓምና ውሃ ካገኙት ተቆጥራ ዘንድሮ ካላገኙት ጋር ልትቆጠር ትችላለች ማለት ነው፤ በእሷ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። መስፈርቱ መሻሻሉ ትክክል ነበር። ሁለቱን ዓመታት ያለ ማብራሪያ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሪፖርት ግን ያሳስታል።

ወደ ቀበሌያችን እንመለስ። መነሻ ቁጥሩን በየካቲት እንለካ። ከ360ው ቤተሰቦች ዝርዝር 90ው በዕጣ ተመርጠው ተጠየቁ፤ መስፈርቱን ያሟሉት 18 ብቻ ሆኑ፣ 20 በመቶ። ወሩን በሰነዱ ላይ መጻፍ የግድ ነው። የመጨረሻው ልኬት በመስከረም ቢደረግ ክረምቱ ምንጩን ሁሉ ሞልቶታል፤ ሰልፉ ይሳሳል፤ ቁጥሩም ፕሮጀክቱ ምንም ሳይሠራ ይሻሻላል። በየካቲት የጀመረ በየካቲት መጨረስ አለበት።

ደቂቃውን መጠየቅም ቀላል አይደለም። ሰዓት የሌላቸው ሰዎች ጊዜውን በግምት ይናገራሉ፤ ስለዚህ ከተጠያቂዎቹ ከጥቂቶቹ ጋር አብሮ ሄዶ መለካት ግምቱ ወዴት እንደሚያደላ ያሳያል። ሌላም አለ። በብዙ ቦታ ሰልፍ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። እናትየው ሌሊት ጀሪካኗን አስቀምጣ ትመለሳለች፤ ሲነጋ መጥታ ትቀዳለች። ጀሪካኑ የቆየበት ሰዓት ይቆጠራል? እኔ እሷ ራሷ ከቤት ርቃ ያሳለፈችው ጊዜ፣ ሁለቱም ጉዞዎች ተደምረው ይቆጠር እላለሁ፤ መለካት የተፈለገው የእሷ ድካም ነውና። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊወስን ይችላል። ውሳኔው ግን ከመጀመሪያው ልኬት በፊት በአመልካቹ ማብራሪያ ላይ ይስፈር፣ ሁለቱም ልኬቶች በዚያው ይሠሩ።

ዒላማው 75 በመቶ የሆነው ቁጥሩ ስላማረ መሆን የለበትም። የፓምፖቹ ቦታ በካርታ ሲታይ ከቤተሰቦቹ 288ቱ፣ ማለትም 80 በመቶው፣ በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ናቸው እንበል። የቀሩት ተራራው ላይ ናቸው፤ ወረፋ ሲጨመር ለእነሱ ሠላሳ ደቂቃ አይበቃም። ከ80ው ለብልሽት ጥቂት ተቀንሶ 75 ይሆናል። መቶ በመቶ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካርታውን አላየም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ስድስቱም ፓምፖች ተረክበዋል፤ አውትፑቱ መቶ በመቶ ነው። በየካቲት እንደገና 90 ቤተሰቦች ተጠየቁ፤ 60ው መስፈርቱን አሟሉ፣ 67 በመቶ። በዚህ መጠን ናሙና ቁጥሩ አሥር ነጥብ ያህል ወዲህ ወዲያ ሊል ስለሚችል ከ75 መውደቁን ብቻ ይዞ ፕሮጀክቱን መኮነን አይቻልም። ከ20 መነሣቱ ግን የናሙና ዕድል አይደለም።

መልሱ ያለው ቁጥሩን በፓምፕ ከፍሎ ማየት ላይ ነው። ማዕቀፉ ሲጻፍ «በፓምፕ ተከፋፍሎ ይቀርባል» ተብሎ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ፓምፕ ዙሪያም 15 ቤተሰብ ተመርጧል። አራቱ ፓምፖች ዘንድ ከ60 ቤተሰቦች 52ቱ አሟልተዋል። ሁለቱ ዘንድ ከ30ው 8 ብቻ። ሁለቱም ፓምፖች ደህና ይሠራሉ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቦታው ድረስ ሄደው ሲያዩ አጥሩ በቁልፍ ተዘግቶ አገኙት፤ ዘበኛው የሚከፍተው ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። 300 ሰው በቀን 25 ሊትር ከተባለ 7,500 ሊትር ያስፈልጋል። ፓምፑ በሰዓት 1,000 ሊትር ያህል ቢሰጥ ሰባት ሰዓት ተኩል መቀዳት አለበት። በአራት ሰዓት የሚገኘው 4,000 ሊትር ነው፣ ለአንድ ሰው 13 ሊትር ያህል፤ ያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጋፍቶ። የሁለቱ ፓምፖች ኮሚቴዎች ዘበኛው ቀኑን ሙሉ እንዲከፍት ቢያደርጉና የደመወዙን ልዩነት ከወርሃዊው መዋጮ ቢሸፍኑ፣ በቀበሌው ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ሳያስፈልግ ሰልፉ ያጥራል።