ዳገት ላይ ድርግም የሚለው ስኩተር

የኤሌክትሪክ ስኩተር ጥገና ቤት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስሞታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሜዳው ላይ ችግር የለም፣ ቁልቁለቱ ላይማ ጭራሽ ይበርራል። ዳገቱ ተጀምሮ ጥቂት እንደሄደ ግን ድርግም ይላል፤ ሞተሩም መብራቱም ዲስፕሌዩም አንድ ላይ ይጠፋሉ። ዳር ይዘው ትንሽ ቆመው ቁልፉን ሲጫኑት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ባትሪውም ገና ግማሽ እንዳለ ያሳያል።

ጥገና ቤቱ ባትሪውን ፈትቶ በመልቲሜትር ይለካና «36 ቮልት አለው፣ ባትሪው ጤነኛ ነው» ይላል። ከዚያ ኮንትሮለር ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ስኩተሩም ሄዶ እዚያው ዳገት ላይ ይጠፋል። የተሳሳተው መልቲሜትሩ አይደለም። ባትሪው የተለካው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ በሽታው ደግሞ የሚታየው ሲሠራ ብቻ ነው።

ለከተማ መንገድ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቀላል ስኩተሮች 36 ቮልት የሚባለውን ባትሪ ይይዛሉ። ሲከፈት ውስጡ ከጣት ወፈር የሚሉ ክብ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረዋል። የተለመደው አሠራር 30 ሴል ነው፤ ሦስት ሦስቱ ጎን ለጎን ተጣምረው አንድ ምድብ ይሆናሉ፣ እንዲህ ያሉ 10 ምድቦች ደግሞ በተከታታይ ይያያዛሉ። አንድ ምድብ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ባትሪ 42 ቮልት ያሳያል። በሞተሩ የሚያልፈው ኮረንቲ በሙሉ በ10ሩም ምድቦች ውስጥ ማለፍ አለበት። አንዱን ደካማ ዘልሎ የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

ከሴሎቹ ጋር ተጣብቆ የሚገኘው ትንሹ ሰሌዳ ቢኤምኤስ ይባላል፤ የባትሪው ጠባቂ ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች ከየምድቡ ወደ እሱ ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱንም ለብቻው ይከታተላል። ከምድቦቹ አንዱ እንኳ ከተወሰነ ቮልት በታች ከወረደ፣ ወይም ከባትሪው የሚወጣው ኮረንቲ ከተፈቀደው ካለፈ፣ መውጫውን ይዘጋዋል። የመዝጊያው ወሰን እንደ ሰሌዳው ይለያያል፤ በአንድ ምድብ 2.8 ቮልት አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው። ጠባቂው የሌሎቹን ዘጠኝ ደህንነት አይቶ ለአንዱ ምሕረት አያደርግም፤ ሥራውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንሂድ። ነጂውና ስኩተሩ አንድ ላይ 90 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከጎማው ሰበቃና ከአየሩ ጋር ብቻ ስለሚታገል ከባትሪው የሚስበው 3 አምፔር ገደማ ነው። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ማለት ሲጀምር ግን 90 ኪሎውን ወደ ላይ ማንሳት ይጨመርበታል። በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ወደ 500 ዋት፣ ማለትም 14 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ከነበረው ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ዳገት ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ ብርቅ አይደለም።

እያንዳንዱ ሴል በውስጡ ኮረንቲን የሚቃወም ነገር አለው። ኮረንቲ ሲሳብበት ቮልቴጁ ወረድ ይላል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። አዲስ ሴል ትንሽ ይወርዳል፤ ያረጀ፣ ሙቀት የጎዳው ወይም ለወራት ባዶውን የተቀመጠ ሴል ብዙ ይወርዳል። በምሳሌያችን ባትሪ ውስጥ ዘጠኙ ምድቦች መጠነኛ እርጅና ያለባቸው ናቸው፤ በ14 አምፔር ጭነት እያንዳንዳቸው 0.33 ቮልት ያህል ይወርዳሉ። አሥረኛው ምድብ ውስጥ ግን ከሦስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፣ የቀሩት ሁለቱም ደክመዋል። ሦስት ሰው ሊሸከመው የታሰበውን ሬሳ ሳጥን ሁለት በሽተኞች ይዘውታል ማለት ነው። ይህ ምድብ በዚያው ጭነት 0.84 ቮልት ይወርዳል።

ስኩተሩ ቆሞ ሳለ ሁሉም ምድቦች 3.6 ቮልት ላይ ናቸው፤ ድምሩ 36 ነው፣ ዲስፕሌዩም ግማሽ ያህል ይላል። ዳገቱ ሲጀምር ዘጠኙ ጤነኞች ወደ 3.27 ይወርዳሉ፣ ደካማው ወደ 2.76። ከ2.8 በታች ሆነ ማለት ነው፤ ቢኤምኤሱ ዘጋ። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ድምር ቮልት ከ32 በላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ኮንትሮለሩም የራሱ የመዝጊያ ወሰን አለው፤ በ36 ቮልት ስኩተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ 31 ቮልት አካባቢ ነው። ግን የሚያየው ድምሩን ስለሆነ ምንም የሚያሳስበው ነገር አላገኘም። ብዙ ዲስፕሌዮችም የባትሪውን መጠን የሚገምቱት ከድምሩ ነው። የደካማውን ምድብ ጉድ የሚያውቀው ቢኤምኤሱ ብቻ ነው።

ኮረንቲው ሲቋረጥ ደካማው ምድብ ጭነቱ ስለተነሳለት በሰኮንዶች ውስጥ ወደ 3.6 ይጠጋል። ስኩተሩ ዳግመኛ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ቢኤምኤስ ግን በራሱ አይከፍትም፤ ቻርጀር ካልተሰካለት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም «ባትሪው ሞተ» ብሎ ይደነግጣል። ማለዳ ላይ ችግሩ የሚብሰውም ሴሎች ሲበርዱ የውስጥ ተቃውሟቸው ስለሚጨምር ነው። ከሰዓት በኋላ ያለ ችግር የወጣውን ዳገት በበጋ ውርጭ ጠዋት እምቢ ቢል የሚገርም አይደለም።

ዳገት ላይ መጥፋት ሁሉ ግን የደካማ ምድብ ሥራ አይደለም፤ ለመለየት አጠፋፉን ማየት ይጠቅማል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ጋዝ እንደተሰጠ ወዲያውኑ የሚጠፋ ከሆነ የኮረንቲ ወሰኑ መጠርጠር አለበት። ይህ በብዛት የሚመጣው ኃይለኛ ኮንትሮለር ከተገጠመ ወይም የቀድሞው ቢኤምኤስ ተቃጥሎ አነስተኛ ከተተካበት በኋላ ነው። 25 አምፔር የሚስብ ኮንትሮለር 15 አምፔር ብቻ ከሚያሳልፍ ቢኤምኤስ ጋር ሰላም ሊኖረው አይችልም። ዲስፕሌዩ ሳይጠፋ ሞተሩ ብቻ ካቆመ ደግሞ ውሳኔው የኮንትሮለሩ ነው። ዳገትም ይሁን ሜዳ ጉድጓድ ሲመታ የሚጠፋ ከሆነ የላላ ሶኬት ወይም የተላቀቀ ብየዳ ይፈለግ። የደካማ ምድብ ምልክት የተለየ ነው፦ ባትሪው ሙሉ ሳለ ይወጣል፣ እየጎደለ ሲሄድ መጥፋት ይጀምራል፣ ቀስ ብለው ከነዱት ይታገሣል።

እርግጠኛ ለመሆን በጭነት ሥር ከመለካት ሌላ መንገድ የለም። ጎማውን አንሥቶ በአየር ላይ ማሽከርከር ጭነት አይደለም፤ እንዲያ ሲሆን ሞተሩ የሚስበው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ቀላሉ ዘዴ የመኪና ፊት መብራት አምፖል ነው። ባለ 12 ቮልት 55 ዋት የሆኑ ሦስት አምፖሎች በተከታታይ ተያይዘው በባትሪው መውጫ ላይ ሲገጠሙ 4.5 አምፔር ያህል ይስባሉ። አምፖሎቹ በጣም ስለሚግሉ የሚቀመጡበት ቦታ ይታሰብበት። መብራቱ በርቶ ሳለ ወደ ቢኤምኤሱ በሚሄደው ነጭ ሶኬት ላይ የየምድቡ ቮልት አንድ በአንድ ይለካል። በምሳሌያችን ባትሪ ላይ ጤነኞቹ 0.1 ቮልት ገደማ ይወርዳሉ፣ ደካማው 0.27። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን የመልቲሜትሩ ሹል ጫፍ ሁለት ፒን አንድ ላይ ከነካ ቀጭኑ ሽቦ ይቃጠላል። ያልለመደ ሰው ባይሞክረው ይሻላል፤ ባለሙያው ግን እንዲሠራው መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በአገራችን ጥገና ቤቶች የሚሰማ አንድ አጉል መፍትሔ አለ፦ ቢኤምኤሱን ዘልሎ ሽቦውን ከሴሎቹ በቀጥታ ማገናኘት፤ «ዳይሬክት ማድረግ» ይሉታል። እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስኩተሩ ዳገቱን ይወጣል። የሚወጣው ግን ደካማው ምድብ ከ2 ቮልት በታች እየተጎተተ ነው። ሴል እንዲህ ሲሟጠጥ ውስጡ ያለው የመዳብ ንጣፍ መሟሟት ይጀምራል፤ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ ባልሆነ ቦታ ይጋገርና ሴሉን ከውስጥ ሊያገናኘው ይችላል። እሳት የሚነሣው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቻርጅ ላይ ሳለ፣ ቤት ውስጥ። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 ብቻ የሊቲየም ባትሪዎች ያስነሱት እሳት 268 ሲሆን 18 ሰው ሞቷል። ከተማዋ በዚያው ዓመት ካወጣቻቸው ክልከላዎች አንዱ ከአሮጌ ባትሪ የተፈቱ ሴሎችን ሰብስቦ ሌላ ባትሪ መሥራት ነው።

እኛ ዘንድ ግን ተቃራኒው እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ከላፕቶፕ የወጣ ሴል የሞተውን ይተካል ይባላል። የላፕቶፕ ሴል ለሰዓታት ትንሽ ትንሽ እንዲሰጥ እንጂ ዳገት ላይ እንዲጎተት አልተሠራም፤ ስለዚህ ከቀድሞው ባልተናነሰ ይወርዳል። አንዱን ምድብ ብቻ በአዲስ መተካትም ቢሆን ለጊዜው ያስኬዳል እንጂ የቀሩት እኩዮቹ ስለሆኑ ተራቸውን ጠብቀው ይደክማሉ። በእኔ ግምት ከሁለት ዓመት በላይ ያገለገለ ባትሪ ላይ ይህ ገንዘብ መጣል ነው፤ 30ውንም ሴል በአንድ ጊዜ መቀየር ያዋጣል። ሴሎቹ አንድ ዓይነት፣ ኮረንቲ የመስጠት አቅማቸው በአንድ ሴል ቢያንስ 10 አምፔር የሆነ፣ በፖይንት ብየዳ የተያያዙ ይሁኑ። ላያቸው ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል የተጻፈባቸው ካሉ አትግዙ፤ ይህ መጠን ያለው ሴል ከ3500 ብዙ የሚርቅ ነገር አይዝም። ሚዛን ላይ ማስቀመጥም ይረዳል፦ ደህና ሴል 45 ግራም አካባቢ ነው፣ ብዙዎቹ አስመስለው የተሠሩት ግን ቅል ያህል ይቀላሉ።

አዲስ ባትሪ እስኪገኝ ዳገቱን በዝግታ መውጣት ይቻላል። በምሳሌያችን ፍጥነቱ ከ15 ወደ 10 ቢወርድ የሚሳበው ኮረንቲ ከ14 ወደ 9 አምፔር ይጠጋል፤ ደካማው ምድብም 3.06 ቮልት ላይ ይቆማል እንጂ ወሰኑን አይነካም። ባትሪው ከግማሽ በታች ሲሆን ግን ይህም ስለማይሠራ ወርዶ መግፋት ነው። ቆሞ እየጠበቁ ደጋግሞ ማስነሳት ደካማውን ምድብ ይበልጥ ይገድለዋል።

ጥገና ቤት ስትሄዱ «በጭነት ለክተህ የየምድቡን ቮልት ጽፈህ ስጠኝ» በሉ። «ቢኤምኤሱን ዳይሬክት እናድርገው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ።