አንድ ሚሊሞል ቤዝ ባፈር ውስጥ ሲገባ

በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 10 ሚሊ ሊትር የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ጨመርን እንበል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በገበያ ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው፣ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች አጥብቀው የሚጠነቀቁለት ጠንካራ ቤዝ ነው። የእኛ ብጥብጥ ቀጭን ነው፤ በአንድ ሊትሩ ውስጥ የሟሟው 0.10 ሞል ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ የውሃው ፒኤች ከ7 ተነሥቶ 11.96 ይደርሳል። ያንኑ 10 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድና ሶዲየም አሴቴት በእኩል መጠን በያዘ 100 ሚሊ ሊትር ባፈር ላይ ብንጨምረው ግን ፒኤቹ ከ4.76 ወደ 4.85 ከፍ ብሎ ይቆማል።

ፒኤች በአንድ ብጥብጥ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን ክምችት የሚገልጽ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር አዮኖቹ በአሥር እጥፍ ያንሳሉ፤ በሁለት ሲጨምር በመቶ እጥፍ። የአለካኩን ዘዴ በ1909 ያወጣው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። በዚህ ሚዛን ስናየው ውሃው ውስጥ የሃይድሮጅን አዮኖቹ ወደ 90 ሺህ ጊዜ ያህል አንሰዋል። በባፈሩ ውስጥ የቀነሱት ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነው። የገባው ቤዝ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ብዙ ሰው ባፈር ቤዙን የሚያግድ ወይም የሚደብቅ ይመስለዋል። የሚሆነው ሌላ ነው። ቤዙ ከባፈሩ አሲድ ጋር ተዋግዶ ያልቃል፤ በምትኩ ደካማ ቤዝ ይገኛል። አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ለአቼቶ ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው አሲድ፣ ደካማ ነው፤ ከሞለኪውሎቹ አብዛኞቹ ሃይድሮጅናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሃይድሮክሳይድ ሲመጣ ግን አንድ የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውል ሃይድሮጅኑን ለአንድ ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል። ከዚያ ውሃና አሴቴት ይሆናሉ። አሴቴት ቀድሞም ባፈሩ ውስጥ ነበር፤ አሁን በጥቂት በዛ እንጂ አዲስ ነገር አልመጣም። ጠንካራው ቤዝ ራሱ የለም።

ይህ አንድ ለአንድ ልውውጥ ስለሆነ ሊቆጠር ይችላል። ሞል ኬሚስቶች እንደ ደርዘን ያለ የመቁጠሪያ ስም አድርገው ይጠቀሙበታል፤ ሚሊሞል የሞል አንድ ሺህኛ ነው። ባፈራችን 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ አሲዱም አሴቴቱም እያንዳንዳቸው 0.10 ሞላር ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዳቸው 10 ሚሊሞል አለን። የጨመርነው 10 ሚሊ ሊትር ቤዝ፣ በ0.10 ሲባዛ፣ 1 ሚሊሞል ነው። ይህ 1 ሚሊሞል ከአሲዱ አንዱን ይወስዳል፤ አሲዱ 9 ይቀራል። የተወሰደው አሴቴት ስለሚሆን አሴቴቱ 11 ይሆናል። ኬሚስትሪው እዚህ ላይ አለቀ፤ የቀረው ሒሳብ ነው፦

pH = 4.76 + log(11 ÷ 9) = 4.76 + 0.09 = 4.85

4.76 የአሴቲክ አሲድ የራሱ ቁጥር ነው። አሲዱ ሃይድሮጅኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ይናገራል፤ አሲዱና አሴቴቱ እኩል ሲሆኑ የባፈሩ ፒኤች ልክ ይህንኑ ይሆናል። የቀመሩን መሠረት በ1908 የጣለው የሃርቫርዱ ሎውረንስ ሄንደርሰን ሲሆን፣ ከሶረንሰን ሚዛን ጋር አዋህዶ በሎጋሪዝም የጻፈው ዴንማርካዊው ካርል ሃሰልባልህ ነው። ሁለቱም ያሰቡት ስለ ደም ነበር። የጤነኛ ሰው የደም ቧንቧ ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ የሚቆየው በአብዛኛው በካርቦኒክ አሲድና በባይካርቦኔት ጥንድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሳንባና ኩላሊት ያግዛሉ። የእኛ ጠርሙስ አጋዥ የለውም።

በቀመሩ ውስጥ የሚገባው የሁለቱ ጥምርታ ነው። ፒኤቹ ብዙ ያልተነቃነቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ 10 ለ10 የነበረው 11 ለ9 ሲሆን ጥምርታው ከ1 ወደ 1.22 ብቻ ይሄዳል። የብጥብጡ መጠን ከ100 ወደ 110 ሚሊ ሊትር ማደጉም እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ሁለቱንም እኩል ስለሚያቀጥናቸው ይጣፋል። በንጹሕ ውሃው ግን መጠኑን መቁጠር ግድ ነበር፤ 1 ሚሊሞሉ በ110 ሚሊ ሊትር ተከፍሎ ነው 11.96 የመጣው።

ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ሲሠሩ የሚሰናከሉት በቀመሩ አይደለም፤ ከቀመሩ በፊት ባለው ቆጠራ ነው። አንዱ የቤዙን 0.10 ሞላር በሚሊ ሊትሩ ሳያባዛ እንዳለ ያስገባዋል። ሌላው ቤዙን ለአሴቴቱ ደምሮ ከአሲዱ መቀነሱን ይረሳል። ጥምርታውን የሚገለብጠው ደግሞ 4.67 ያገኛል። ይህ የመጨረሻው ስሕተት በቀላሉ ይታወቃል፤ ቤዝ ጨምረን ፒኤቹ ከወረደ ሒሳቡ አንድ ቦታ ተሳስቷል። ውጤቱ ከመነሻው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ከንጹሕ ውሃው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ እጅግ ትንሽ።

በቤተ ሙከራ ሌላ ዓይነት ችግር አለ። ሶዲየም አሴቴት በሁለት መልክ ይሸጣል፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ ሌላው በክሪስታሉ ውስጥ ውሃ የያዘ። 10 ሚሊሞል ለማግኘት ከደረቁ 0.82 ግራም፣ ውሃ ከያዘው 1.36 ግራም ያስፈልጋል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነብ ውሃ ካለበት 0.82 ግራም የመዘነ ሰው በእጁ ያለው 6 ሚሊሞል ያህል ብቻ ነው። ባፈሩም ገና ምንም ሳይጨመርበት ከሚገባው 0.22 ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

ቤዙም ቢሆን የታመነ አይደለም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር እርጥበትን ይስባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ይወስዳል። ስለዚህ 4 ግራም መዝኖ በአንድ ሊትር አሟሙቶ «ይህ 0.10 ሞላር ነው» ማለት አይቻልም። ባለሙያ የሆነ ሰው ብጥብጡን በንጽሕናውና በክብደቱ ከሚታመን አሲድ፣ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ከሚባለው ጋር አስተያይቶ ትክክለኛ ጥንካሬውን ይወስናል። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። «የተለካ ቤዝ» የሚባለው ይህ ሲሟላ ነው።

ሁሉ በትክክል ተሠርቶም ግን ፒኤች መለኪያው 4.76 አያሳይም። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሳየው 4.65 አካባቢ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም። በብጥብጡ ውስጥ ያሉት ሶዲየምና አሴቴት አዮኖች በኤሌክትሪክ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ፍጹም ነጻ እንደሆኑ አድርገው አይሠሩም፤ ቀላሉ ቀመር ይህን አይቆጥርም። የሚያጽናናው ነገር ቤዙ ከመጨመሩ በፊትም በኋላም ልዩነቱ ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ መነሻው ከሒሳቡ ቢለይም የ0.09 ጭማሪው ይታያል። እኔ ከመነሻው ቁጥር ይልቅ በጭማሪው ላይ ዓይኔን አደርጋለሁ።

አሁን ቤዙን መጨመር እንቀጥል፤ ቁጥሮቹ የሒሳቡ ናቸው። በድምሩ 50 ሚሊ ሊትር ሲሆን አሲዱ 5፣ አሴቴቱ 15 ሚሊሞል ነው፤ ፒኤቹ 5.24። 90 ሚሊ ሊትር ላይ አሲዱ 1 ብቻ ቀርቶ አሴቴቱ 19 ደርሷል፤ ፒኤቹ 6.04። ይህን ልብ እንበል፤ 90 ሚሊ ሊትር ቤዝ ገብቶ የተጓዝነው 1.28 ያህል ነው። የሚቀጥለው 10 ሚሊ ሊትር ግን ብቻውን ፒኤቹን ወደ 8.88 ያስፈነጥረዋል። አሲዱ አልቋል፤ ጥምርታ የሚባል ነገር ስለሌለ ቀመሩም ከዚህ በኋላ አይሠራም፤ ፒኤቹን የሚወስነው ለብቻው የቀረው አሴቴት ነው። ከዚያ በላይ ሌላ 10 ሚሊ ሊትር ስንጨምር የሚቀበለው የለም፤ ቤዙ እንዳለ ይቀራል፣ ፒኤቹም 11.68 ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያየነውን ንጹሕ ውሃ ሊመስል ምንም አልቀረውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ፒኤች ባፈሩ ምን ያህል ቤዝ መሸከም እንደሚችል አይናገርም። ሁለተኛ ጠርሙስ እናዘጋጅ፤ በውስጡ አሲዱም አሴቴቱም 0.10 ሳይሆን 0.010 ሞላር ይሁኑ። ጥምርታው አሁንም አንድ ለአንድ ነው፤ የሒሳቡ ፒኤች አሁንም 4.76። መለኪያው በሁለቱ ጠርሙሶች መካከል የሚያሳየው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ያም የመጣው ከአዮኖቹ መሳሳብ ነው። በ100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ያለው አሲድ ግን 1 ሚሊሞል ብቻ ነው። ያንኑ 10 ሚሊ ሊትር ቤዝ ስንጨምርበት አሲዱ በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ ፒኤቹ 4.85 ሳይሆን 8.5 ላይ ይገኛል።

ስለዚህ መደርደሪያ ላይ «አሴቴት ባፈር፣ ፒኤች 4.76» ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ለሥራ አይበቃም፤ የአሲዱና የአሴቴቱ ጠቅላላ ክምችትም ሊጻፍበት ይገባል። ካልተጻፈ ለማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ከጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር በንጹሕ ዕቃ መቅዳት፣ ጥንካሬው ከተረጋገጠው 0.10 ሞላር ቤዝ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት መጨመር፣ በደንብ ማማሰል፣ መለኪያው እስኪረጋ መጠበቅ። ቁጥሩ በ0.09 ከፍ ካለ አሲዱ በ100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊሞል ያህል ነበር፤ ከ8 ካለፈ ደግሞ የነበረው 1 ሚሊሞል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።